ክብደት የሚጠፋባት ነጥብ፦ «ስቶዋዌይ» ፊልም ልክ ያደረገውና የዘለለው

ጆ ፔና ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው «ስቶዋዌይ» ፊልም ከብዙዎቹ የጠፈር ፊልሞች የሚለይበት አንድ ነገር አለ። በብዙዎቹ ፊልሞች ሰዎች መርከብ ውስጥ እንደ ቤታቸው ሲራመዱ እናያለን፤ ለምን እንደማይንሳፈፉ ግን ማንም አይነግረንም። እዚህ ግን ምክንያቱ በመርከቧ ቅርጽ ላይ ይታያል። በአንድ ጫፍ ተጓዦቹ የሚኖሩባት መርከብ አለች። በሌላው ጫፍ ከምድር ያስወነጨፋት ሮኬት የላይኛው ክፍል፣ ነዳጁን የጨረሰ ቀፎ፣ ተንጠልጥሏል። ሁለቱ በረጃጅም ገመዶች ተያይዘው እየተሽከረከሩ ወደ ማርስ ይሄዳሉ። መርከቧ ውስጥ ያለው ሰው ወለሉ ላይ የሚቆመው በዚህ ሽክርክሪት ነው።

የፊዚክስ ትምህርት የወሰደ ሰው ይህን ቅርጽ ወዲያው ያውቀዋል። በደብተራችን ላይ ሁለት ክብ ሥለን በአንድ መስመር የምናያይዘው ያ ጥያቄ ነው፦ በቀላል ዘንግ የተያያዙ ሁለት ነገሮች በባዶ ሕዋ ውስጥ እየተንሳፈፉ ሲሽከረከሩ ምን ይሆናሉ? ፊልሙ ይህን የፈተና ጥያቄ የሰው ሕይወት የሚወሰንበት ጉዳይ አድርጎታል። መርከቧ ላይ ሳይታሰብ አራተኛ ሰው ይገኛል፤ አየር የሚያጣራው መሣሪያም ተበላሽቷል። ያለው ኦክስጅን ለአራት ሰው አይበቃም። የቀረው ፈሳሽ ኦክስጅን ደግሞ ያለው ገመዱ ወዲያኛው ጫፍ ላይ፣ ቀፎው ውስጥ ነው። ስለዚህ ሁለት ሰዎች በገመዱ ላይ ወጥተው፣ ክብደታቸው የሚጠፋባትን ነጥብ አልፈው፣ በሌላው በኩል መውረድ አለባቸው። መጨረሻውን አልነግራችሁም። የኔ ጥያቄ ስለዚያች ነጥብ ነው። የት ናት? ቦታዋ ታሪኩን ምን ያህል ይለውጠዋል?

ፊልሙ በትክክል ያሳየውን አስቀድሜ ልናገር። መጀመሪያ የሚወጡት «ወደ ላይ» ነው፤ እየወጡም በሄዱ ቁጥር እየቀለሉ ይሄዳሉ። ነጥቧን ሲያልፉ «ላይ» የነበረው «ታች» ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ጉዞው ቁልቁል ነው። ይህ እውነት ነው። በሚሽከረከር ነገር ላይ የሚሰማን ክብደት የሚመጣው ወለሉ በክብ መንገድ እንድንዞር ወደ ውስጥ ስለሚገፋን ነው። ከሽክርክሪቱ ማዕከል ያለን ርቀት በእጥፍ ቢያድግ ክብደቱም በእጥፍ ያድጋል፤ ማዕከሉ ላይ ዜሮ ነው። ክብደትን በርቀት የሚለዋወጥ ነገር አድርጎ ያሳየ ፊልም ብዙ የለም፤ «ስቶዋዌይ» ለዚህ ምስጋና ይገባዋል።

የዘለለው ደግሞ ይሄ ነው። አብዛኛው ተመልካች ያቺን ነጥብ የገመዱ እኩሌታ ላይ ያስቀምጣታል፤ ፊልሙም ይህን ግምት የሚያርም ነገር አይሰጠውም። እኩሌታው ላይ የምትሆነው ግን ሁለቱ ጫፎች እኩል ከከበዱ ብቻ ነው። ሰው የሚኖርባት መርከብና ባዶ ቀፎ እኩል የሚሆኑት በአጋጣሚ ካልሆነ በቀር አይደለም።

ይህን ለማየት ጠፈር መሄድ አያስፈልግም። እኛ ጎፋ በሚገኘው የኮንዶሚኒየም ግቢያችን ውስጥ ከሰፈር ልጆች ጋር በሃይላንድ ሞክረነዋል፤ እናንተም ሞክሩት። አንድ ባለ አንድ ሊትርና አንድ ባለ ግማሽ ሊትር የውሃ ሃይላንድ ውሰዱ። ውሃው ውስጥ ለውስጥ እንዳይናጥ እስከ አፋቸው ሙሏቸው። ከዚያ በአንድ የመጥረጊያ እንጨት ሁለት ጫፍ ላይ በፕላስተር ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሯቸው፤ ከአንዱ ሃይላንድ ወገብ እስከ ሌላው ወገብ 1 ሜትር ይሁን። አሁን እንጨቱን በአንድ ጣት ላይ አስቀምጣችሁ ሚዛን የሚጠብቅበትን ቦታ ፈልጉና እዚያ ላይ ቀይ ፕላስተር ጠቅልሉበት። እንጨቱ እኩሌታ ላይ ደግሞ ነጭ ፕላስተር አድርጉ። ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ወደ ላይ እያሽከረከራችሁ ወርውሩት፤ አንድ ሰው ደግሞ በስልክ በዝግታ ይቅረጸው።

ቪዲዮውን ስታዩ ነጩ ፕላስተር እየዞረ ይጠማዘዛል። ቀዩ ግን እንደ ተወረወረ ድንጋይ አንድ የተስተካከለ ቅስት ሠርቶ ይወርዳል። ክፍል ውስጥ «ሴንተር ኦፍ ማስ» የምንለው፣ በአማርኛ የመጠነ ቁስ ማዕከል የሚባለው ይሄ ነው። የተወረወረው ነገር ሁለት ሥራ በአንዴ ይሠራል፦ ማዕከሉ እንደ አንድ ድንጋይ ይሄዳል፣ ሌላው ሁሉ ደግሞ በማዕከሉ ዙሪያ ይሽከረከራል። ሁለቱ ሥራዎች አንዱ ሌላውን አይረብሹም። ጠፈር ላይ ስበቱን ብንተወው ቅስቱ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል፤ ልዩነቱ ይሄ ብቻ ነው።

ቀዩ ፕላስተር የት ተቀመጠ? እንጨቱ ክብደት ባይኖረው ኖሮ ሂሳቡ ቀላል ነው። አንዱ ሃይላንድ 1 ኪሎ፣ ሌላው ግማሽ ኪሎ ስለሆነ ማዕከሉ ከከባዱ 33 ሴንቲ ሜትር፣ ከቀላሉ 67 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። ሁለት እጥፍ የከበደው ግማሽ ርቀት ይይዛል ማለት ነው። በቀመር ሲጻፍ፦

m₁ × r₁ = m₂ × r₂

በሜትር ስትለኩት ግን 33 ላይ ላታገኙት ትችላላችሁ። እንጨቱ 300 ግራም ቢመዝን ነጥቧ ወደ 36 ሴንቲ ሜትር ትሸሻለች። መጽሐፍ «ቀላል ዘንግ» ሲል «የዘንጉን ክብደት ቸል በለው» ማለቱ ነው፤ እናንተ ግን የያዛችሁት የእውነት እንጨት ነው። የ3 ሴንቲ ሜትሩ ልዩነት የልኬት ስህተት ሳይሆን የእንጨቱ ድርሻ ነው።

ወደ ፊልሙ እንመለስ። ቁጥሮቹ የፊልሙ አይደሉም፤ ለስሌት እንዲመቹ እኔ የመረጥኳቸው ናቸው። መርከቧ 30 ቶን፣ ቀፎው 15 ቶን፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት 450 ሜትር ይሁን። የገመዱን ክብደት እንተወው። ልክ እንደ ሃይላንዱ፣ ከባዷ መርከብ ከማዕከሉ 150 ሜትር ላይ ትሆናለች፤ ቀፎው 300 ሜትር ላይ።

አሁን መርከቧ ውስጥ ሰው የምድር ላይ ክብደቱ ግማሽ እንዲሰማው እንፈልግ። ለዚህ ጠቅላላው ነገር በ35 ሰከንድ አንዴ መዞር አለበት። ታዲያ ቀፎው ጋ ክብደት ስንት ነው? ቀፎውም የሚዞረው በዚያው በ35 ሰከንድ ነው፤ ርቀቱ ግን እጥፍ ነው። ስለዚህ ክብደቱም እጥፍ ይሆናል፤ ሙሉ የምድር ክብደት ማለት ነው። መርከቧ ውስጥ እንደ ላባ ቀሎት ሲራመድ የነበረው ሰው ቀፎው ጋ ሲደርስ አዲስ አበባ ላይ እንዳለው ያህል ይከብዳል፤ ያውም የጠፈር ልብስ ለብሶ።

«ቀላሉ ጫፍ ላይ ክብደት የሚበዛው እንዴት ነው?» ብሎ የሚገረም አይጠፋም። ገመዱን አስቡት። አንድ ገመድ ሁለቱንም ጫፍ የሚስበው በእኩል ኃይል ነው። ያው ኃይል 30 ቶኑን በዝግታ፣ 15 ቶኑን ደግሞ በእጥፍ ጠንከር አድርጎ ወደ ውስጥ ያጥፈዋል። 30 በግማሽ፣ 15 በሙሉ ሲባዛ ውጤቱ እኩል ነው። ነጥቧን እዚያ ቦታ ላይ ያስቀመጣትም ይኸው እኩልነት ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

እስቲ አሁን ድካሙን እናስላ። ከመርከቧ እስከ ማዕከሉ 150 ሜትር መውጣት አለ። ክብደቱ ግን ከግማሽ ጀምሮ እስከ ዜሮ በእኩል መጠን እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ በአማካይ የምድር ሩብ ነው። የ150 ሜትር ሩብ 37.5 ሜትር ነው። ስለዚህ ሙሉው መውጣት ምድር ላይ 37.5 ሜትር የመውጣትን ጉልበት ይጠይቃል። የኛ ሰፈር ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም እስከ ጣሪያው 15 ሜትር ነው ብንል፣ ሁለት ተኩል ኮንዶሚኒየም በገመድ መውጣት ነው። ከባድ ነው፤ ግን ጎበዝ ሰው ይሞክረዋል።

ማዕከሉን ካለፉ በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው፤ ያኛው የጉልበት ሳይሆን ራስን የመያዝ ጉዳይ ነው። ችግሩ መመለሻው ላይ ነው። ከቀፎው እስከ ማዕከሉ 300 ሜትር ነው፤ ክብደቱ ከሙሉ ጀምሮ ወደ ዜሮ ስለሚወርድ አማካዩ የምድር ግማሽ ነው። የ300 ግማሽ 150 ሜትር፤ አሥር ኮንዶሚኒየም ተደራርቦ ማለት ነው። ከመሄጃው አራት እጥፍ ሲሆን፣ በዚያ ላይ የኦክስጅን ሲሊንደር አለ፣ ድካም አለ።

ተመልካቹ እንደሚገምተው ነጥቧ እኩሌታው ላይ ብትሆንና ሁለቱም ጫፍ ላይ ክብደቱ ግማሽ ቢሆን ኖሮ፣ በሁለቱም ወገን ያለው መውጣት 56 ሜትር ገደማ ይሆን ነበር። መሄድና መመለሱ ተመሳሳይ ይሆናል። በዚህ ሥዕል ያየነው ጉዞ «የሄደ ይመለሳል» ዓይነት ነው። በትክክለኛው ሥዕል ግን መሄድ የቻለ ሰው መመለስ ላይችል ይችላል። በኔ እምነት የፊልሙ ትልቁ ያመለጠ ዕድል ይሄ ነው። ጸሐፊዎቹ ጭንቀት ለመፍጠር ከውጭ የፀሐይ ማዕበል አምጥተዋል፤ የባሰው አደጋ ግን መጀመሪያውኑ እዚያው ገመዱ ላይ ተቀምጦላቸው ነበር። ቀፎው ከመርከቧ የሚከብድ ቢሆን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ መሄጃው ከብዶ መመለሻው ይቀላል። የትኛውም ይሁን፣ የሁለቱን ጫፍ ክብደት ሳያውቅ ጉዞውን የሚያቅድ ሰው በጨለማ ነው የሚሄደው።

ሌላው በቂ ቦታ ያላገኘው ነገር ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል ነው። በመረጥነው ቁጥር መርከቧ በማዕከሉ ዙሪያ በሰከንድ 27 ሜትር ትጓዛለች፤ ማዕከሉ ግን አይዞርም። ስለዚህ የሚወጣው ሰው ወደ ጎን የያዘውን የ27 ሜትር ፍጥነት በመንገድ ላይ ቀስ በቀስ ማራገፍ አለበት፤ የሚያራግፍለት ደግሞ ገመዱ ነው። በዝግታ ለሚወጣ ሰው ይህ ግፊት ብዙም አይታወቅም። በፍጥነት ተንሸራቶ ለሚወርድ ግን ሌላ ነው። በሰከንድ 10 ሜትር ቢወርድ ገመዱ ከምድር ክብደቱ ሲሶ በላይ በሚሆን ኃይል ወደ ጎን ይጫነዋል። ፊልሙ ውስጥ የሚታየው ትግል ከሞላ ጎደል ከቁልቁለቱ ጋር ብቻ ነው።

የሚጠፋው ሲሊንደር ነገር ግን ልክ ነው። ከሚሽከረከር ነገር ላይ የተለቀቀ ዕቃ ወደ ውጭ «የሚጣል» ይመስላል እንጂ የሚጥለው የለም። በለቀቃችሁበት ቅጽበት በያዘው ፍጥነት ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ እየተጠማዘዘ የሚሸሸው መርከቡ ነው። መርከቧ ጋ ብትለቁት በ10 ሰከንድ ውስጥ 270 ሜትር ሄዷል። ጠፈር ላይ የወደቀ ዕቃ መሬት የለውም፤ ማንሳትም የለም።

አሁን ደግሞ ከባዱን እንጠይቅ፦ ገመዱ ቢበጠስስ? እዚህ ላይ የሃይላንዱ ትምህርት መልሶ ይጠቅመናል። ሁለቱ ጫፎች በያዙት ፍጥነት በተቃራኒ አቅጣጫ ይለያያሉ፦ መርከቧ በሰከንድ 27፣ ቀፎው 54 ሜትር። የሁለቱ የጋራ ማዕከል ግን ምንም አልሆነም፤ በያዘው መንገድ ወደ ማርስ ይቀጥላል። ይህ በወረቀት ላይ የሚያምር ውጤት ነው። ለተሳፋሪው ግን ምን ዋጋ አለው? ማዕከሉ ላይ የተቀመጠ ሰው የለማ! መርከቧ በቀን 2,300 ኪሎ ሜትር ያህል ከማዕከሉ እየራቀች ትሄዳለች። ወደየት አቅጣጫ የሚለው ደግሞ ገመዱ በ35ቱ ሰከንድ ውስጥ የትኛዋ ቅጽበት ላይ እንደተበጠሰ ይወስነዋል። መንገዱን የያዘው ማዕከሉ ነው፤ ሕይወት ያለው ጫፉ ላይ ነው።

ይህ ሁሉ የፊልም ብቻ አይደለም። በመስከረም 1966 እ.ኤ.አ. ፒት ኮንራድና ዲክ ጎርደን «ጀሚናይ 11» በተባለችው መንኮራኩር ምድርን እየዞሩ ይህንኑ ሞክረዋል። ጎርደን ከመንኮራኩሯ ወጥቶ «አጀና» በተባለው ሰው አልባ ሮኬት ላይ የነበረውን 30 ሜትር ርዝመት ያለው ገመድ ከመንኮራኩሯ ጋር አያያዘው። ከዚያ ሁለቱን አላቅቀው ማሽከርከር ጀመሩ። የሁለቱ ክብደት ተቀራራቢ ስለነበር እነሱ ማዕከሉ ከእኩሌታው ብዙ አይርቅም ቢሉ ያምርባቸው ነበር።

የገጠማቸው ችግር ሌላ ነው። ገመድ ዘንግ አይደለም። ዘንግ ይስባልም ይገፋልም፤ ገመድ መሳብ እንጂ መግፋት አይችልም። የ«ጀሚናይ 11» ገመድ መጀመሪያ ላይ አልወጠር ብሎ፣ ልጆች እንደሚዘሉት ገመድ እየጎበጠ ይዞር ነበር። ሽክርክሪቱ ሲጠነክርና ሁለቱ ጫፎች ሲረጉ ነው ገመዱ ቀጥ ያለው። በመጨረሻ በደቂቃ 55 ዲግሪ ያህል ደረሱ፤ አንድ ሙሉ ዙር ስድስት ደቂቃ ተኩል ያህል ይፈጃል ማለት ነው። በዚህ ዝግታና በዚህ አጭር ገመድ የሚገኘው ክብደት ከምድሩ አንድ ሺህኛ እንኳ አይሞላም። ጠፈርተኞቹ በሰውነታቸው አልታወቃቸውም። ነገር ግን አንድ ካሜራ ፊት ለፊታቸው ባለው ሰሌዳ ላይ አስደግፈው ሲለቁት፣ ቀስ እያለ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ተንቀሳቀሰ። ሽክርክሪት የፈጠረው ክብደት በተጓዦች ፊት የታየበት ያ ነው።

ካሜራው ጥሩ ተቺ ነው፤ ፊልሙን ስታዩ እንደሱ አድርጉ። ከውጭ የተነሳ ትዕይንት ስታገኙ፣ ከኋላ ካሉት ከዋክብት አንጻር የማትዞረው ነጥብ የትኛዋ እንደሆነች ፈልጉ። ቀረጻው ከመርከቧ ጋር አብሮ የሚዞር ከሆነ መርከቧ ቆማ ሰማዩ የሚዞር ይመስላል፤ ያኔ ነጥቧን አታገኟትም። ከውስጥ ደግሞ በሁለቱም ጫፍ ላይ ዕቃ ሲወድቅ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ አነጻጽሩ። በእኛ ቁጥር ከአንድ ሜትር ከፍታ የተለቀቀ ነገር መርከቧ ውስጥ 0.64 ሰከንድ፣ ቀፎው ጋ 0.45 ሰከንድ ይፈጃል። በዓይን የሚለይ ባይመስልም በስልክ ቀረጻ ይለያል። ሁለቱ ጊዜያት እኩል ከሆኑ ፊልሙ ሁለቱን ጫፎች እኩል አክብዷቸዋል ማለት ነው።

ለእኔ «ስቶዋዌይ» ትክክለኛውን ጥያቄ መርጦ ግማሹን የመለሰ ፊልም ነው። ክብደት የሚጠፋባት ነጥብ መኖሯን፣ ከእሷ በተራቅን ቁጥርም እንደምንከብድ አሳይቶናል። ነጥቧን የሚያስቀምጣት የገመዱ ርዝመት ሳይሆን በሁለቱ ጫፎች ያለው ክብደት መሆኑን ግን አላሳየንም። ያንን ቢያሳይ ኖሮ፣ ሁለቱ ሰዎች ገና መርከቧን ሳይለቁ የመመለሻው ዳገት አራት እጥፍ መሆኑን እናውቅ ነበር።